የሚዜው ጥርስ

ሕዝቅኤል ሰባት ጊዜ ሠርግ አይቷል፤ ሰባቱንም ጊዜ ከሙሽራው በስተቀኝ ቆሞ። ባሕር ዳር ለሥራ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ አብረውት የመጡትም፣ ከኋላው የመጡትም፣ ገና ጢም ሳያበቅሉ የመጡትም ተራ በተራ ሲያገቡ እሱ ሚዜ ነበር። ለሚዜነት የተፈጠረ ሰው ነው ይሉታል። ጥቁር ሱፍ አለው። ቁመቱ ከማንም ሙሽራ አይበልጥም። አይሰክርም፤ ከሙሽሪት እኅቶች ጋር አይላከፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አይስቅም። ሙሽራን የሚያስንቅ ሚዜ የሚስቅ ሚዜ ነው፤ ይህንን የሠርግ ቪዲዮ ያየ ሁሉ ያውቃል።

የማይስቀው ግን ሳቅ ጠልቶ አይደለም። ጥርሱ ነው።

አዋሽ ዳር ባለ የሸንኮራ እርሻ ሰፈር ነው ያደገው፤ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣ። ያ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ጥርስ የሚያጠቁር ማዕድን የበዛበት ነበር። ልጅ እያሉ ጥርስ ድዱ ውስጥ ገና ሲሠራ የገባው ፍሎራይድ ዕድሜ ልክ አይወጣም፤ በሎሚ ቢያሹት፣ በከሰል ቢፈትጉት፣ መፋቂያ ቢፈጁበት ወይ ፍንክች። የሕዝቅኤል የፊት ጥርሶች ክረምት እንደቆየበት ቆርቆሮ ቡናማ ጭረት ወርዶባቸዋል። በሰፈሩ ይህ ነውር አልነበረም፤ ሁሉም እንደዚያ ነው። እንዲያውም ጥርሱ ነጭ የሆነ ሰው ሲመጣ ልጆች «እንግዳ መጣ!» ብለው ይሮጡ ነበር። ባሕር ዳር ግን እንግዳው እሱ ሆነ። አፉን በከፈተ ቁጥር የሰው ዓይን ወርዶ ከንፈሩ ላይ ይቆማል፤ ቀጥሎም ያው ጥያቄ ይመጣል፦ «ትቅማለህ እንዴ?» ጫት በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሲጋራም። ይባስ ብሎ እንጀራው የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ሲፈልግ ይውላል፤ ሌባው እንዳመለጠው ፖሊስ።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ሆድ እያለቀሰ ይስቃል ለማለት ነው። የሱ ጥርስ ግን ከባዳም የከፋ ባዳ ሆነበት፤ ሆዱ ሲስቅ እንኳ አፉ ተዘግቶ ይጠብቃል።

አርባ አንድ ዓመት በሞላው ሳምንት ሰባታሚት ሰፈር ቤት ያከራዩት እትዬ ሸዋዬ በሩን አንኳኩ።

«ምነው እትዬ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው ልጄ። አንተ ቤት ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ሬዲዮ የለ፣ ሰው የለ፣ ሳል የለ። አንዳንዴ ሞተህ እንደሆነስ ብዬ እሰጋለሁ። ተነሥቼ አንኳኳለሁ፤ ትከፍታለህ፤ እመለሳለሁ።»

ሕዝቅኤል አመስግኖ በሩን ዘጋ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አሰበ፤ አንድ ቀን እኚህ ሴትዮ ያንኳኳሉ፣ እኔም አልከፍትም፤ በዓለም ላይ ስለ እኔ የሚሰጋው ሰው የቤት ኪራይ ውል የተዋዋልኩት ሰው ብቻ ነው። በዚያው ቀን «ጥንድ» የሚባለውን የመተጫጫ አፕ ስልኩ ላይ ጫነ።

አፑ ፎቶ ጠየቀው። ስልኩን ቢበረብር የሚያምርበት ፎቶ ሁሉ የሠርግ ሆነ። ሌላ ጊዜ ማን አንስቶት ያውቃል? ስለዚህ ሙሽሮቹን ቆራርጦ አወጣና ሰባት የሚዜ ፎቶ ደረደረ፤ ሱፍ፣ ከረቫት፣ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ፣ ከጀርባው ዘንባባና ጣና።

በሦስት ቀን ውስጥ አራት መልእክት ደረሰው። የመጀመሪያዋ፦ «ሙሽራው፣ ሚስትህ ታውቃለች?» ሁለተኛዋ፦ «ስንት ጊዜ ነው ያገባኸው በናትህ?» ሦስተኛዋ ምንም ሳትጽፍ የሚስቅ ፊት ላከች። አራተኛዋ ትዳር ፈላጊ ሳትሆን የአዳራሽ አከራይ ነበረች።

ይህንን ላቦራቶሪ ውስጥ ለሥራ ባልደረባው ለዳኘው ሲነግረው፣ ዳኘው ወንበሩን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። ዳኘው የመራዊ ከተማ ልጅ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ስለ ሴትና ስለ ፎቶ የማያውቀው የለም፤ ስለ ሥራው ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

«ነገርሁህ እኮ ሕዝቄ! ነገርሁህ! የኔን አየኸው?» ስልኩን ዘረጋ። ዳኘው የመሥሪያ ቤቱን ላንድክሩዘር ተደግፎ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ቆሟል። የመንግሥት ታርጋውን በወገቡ ከልሎታል።

«ይህ መኪና ያንተ ነው?»

«የኔ ነው አልሁ? ቆምሁ እንጂ! አጠገቡ መቆም ወንጀል ነው? ተመልካቹ የፈለገውን ያስብ።»

«ቀጥራህ… በባጃጅ ስትመጣ ስታይህስ?»

«ያኔ ወድዳኛለች» አለ ዳኘው፤ እንደ ሒሳብ ቀመር።

ሕዝቅኤል የዳኘውን ምክር ፈራ። ሌላ መንገድ መረጠ፤ ፎቶውን ሙያውን ለሚያውቅ ሰው መስጠት። ከጊዮርጊስ ወደ ሐይቁ ዳር በሚወስደው መንገድ ዜማ የምትባል ፎቶ አንሺ አለች። የሠርግ ፎቶ ነው ሥራዋ፤ ከሰባቱ ሠርግ አምስቱን ያነሳችው እሷ ናት። ሲገባ ገና ከኮምፒውተሯ ቀና ስትል ለየችው።

«አንተ ሰውዬ! አንተ እኮ እኔ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ከስንት ሙሽራ በላይ ቆመሃል። አንድም ቀን ግን አልሳቅህልኝ። አሁን ደግሞ ማን ሊያገባ ነው?»

«እኔ» አለ ሕዝቅኤል፤ ከዚያም አፈረና «ማለቴ… ልሞክር ነው» ብሎ ስልኩን ሰጣት፤ ከመልእክቶቹ በኋላ ከጓደኞቹ ስልክ ለቅሞ የጨመራቸው ፎቶዎችም ነበሩበት።

ዜማ ፎቶዎቹን በጣቷ እየገፋች አየች። ፊቷ ሐኪም የደም ውጤት ሲያይ እንደሚሆነው ሆነ።

«ይህ እጅ የማን ነው?»

«የቱ?»

«ትከሻህ ላይ ያለው። ሂና የተቀባ፣ አራት ጣት።»

«የአንዱ ሙሽራ፣ የገድሉ ሚስት ናት። ቆርጫት ነው፤ እጇ ቀረ።»

«ለሚያይህ ሰው ግን የራስህን ሚስት ቆርጠህ ሌላ የምትፈልግ ባል ነህ። አበባው ደረትህ ላይ ነው፤ ቬሎው ጎንህ ይታያል። ከተቆረጠ ፎቶ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታየው የተቆረጠው ነው፤ ይህንን ያዝ።» ገፋች። «ይሄስ ዓሣ?»

«አምባዛ ነው። ጓደኛዬ አጥምዶት… ስፖርተኛ ያስመስላል ብዬ።»

«ጣና ዳር ዓሣ ይዞ የቆመ ሰው ስፖርተኛ አይመስልም፤ ዓሣ ሻጭ ይመስላል። ‹ትኩስ ነው?› አላለችህም አንዷ?» በእርግጥም አንዷ ብላዋለች። «ይሄ ስድስት ሆናችሁ የተነሳችሁት ደግሞ… አንተ የቱ ነህ? እኔ አውቅሃለሁ፤ የማታውቅህ ሴት ግን መጀመሪያ የምታየው ይህን ረጅሙን ነው። ከዚያ ያንተን ፊት ስታገኘው ታዝናለች፤ ባንተ ሳይሆን ረጅሙን በማጣቷ። የቡድን ፎቶ ሰው እንዳለህ ያሳያል፤ ጥሩ ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ፣ አንድ ብቻ። ይሄ መነጽር ያደረግህበትስ?»

«ፀሐይ ነበረ።»

«ዓይንህን ያልሰጠሃት ሴት አታምንህም። ይሄን ነጠላ ለብሰህ ለጥምቀት የተነሳኸውን እንተወው፤ ደግ ነው፤ ‹ለትዳር ነው የመጣሁ› ይላል። ግን መቼ የተነሳኸው ነው?»

«የዛሬ ስምንት ዓመት።»

«ጸጉር ነበረህ።»

«ነበረኝ።»

«አውጣው። ቀጠሮ ላይ በስምንት ዓመት አርጅተህ አትምጣባት።»

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሐይቁ ወሰደችው። ሱፉን አስወልቃ አዘውትሮ የሚለብሰውን ሰማያዊ ሹራብ አስለበሰችው። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ዋርካ ሥር አቆመችው፤ ፊቱ ወደ ብርሃኑ፣ ጀርባው ወደ ጥላው። ራሷ ስድስት ርምጃ ወደኋላ ሄዳ ሌንሷን ሳበች። «ስልክ አፍንጫ ሥር ሲደቀን አፍንጫን ያሳብጣል» አለች፤ «ያንተ ደግሞ እርዳታ አያስፈልገውም።» ካሜራውን ከዓይኑ ትይዩ ያዘች፤ ከላይ ካነሳች ልጅ፣ ከታች ካነሳች ቀበሌ ሊቀመንበር እንደሚመስል ነገረችው። ከወገብ በላይ አነሳችው፣ ሙሉ ቁመቱን አነሳችው፣ የውሃ ናሙና ጠርሙስ ይዞ ሐይቁ ጠርዝ ላይ ሲያጎነብስ አነሳችው። ሁሉም ደህና ነበሩ። ሁሉም ግን አፋቸው ዝግ።

«ሳቅ እንጂ።»

«እየሳቅኩ ነው።»

«ይህ ሳቅ ሳይሆን የቀብር ማስታወቂያ ነው።»

«ዜማ… ጥርሴን ታውቂያለሽ።»

በዚህ መካከል ነው ከወዲያ ማዶ የአንድ ሠርግ ጩኸት የተሰማው። ነፋስ የሙሽሪትን ዓይነ ርግብ ነጥቆ ሐይቁ ላይ ጣለው። አራት ሚዜዎች ሱፋቸውን ሰብስበው የሐይቁ ዳር ደንገል ሣር ውስጥ ገቡና እስከ ጉልበታቸው ሰመጡ። እንጨት የጫነ ታንኳ የሚቀዝፉ አንድ ሽማግሌ ጨርቁን በመቅዘፊያው ጫፍ አነሡት፤ ሁለት እጃቸው ሥራ ስለያዘ ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉት፤ ከዚያም ወደ ዳር ይመጣሉ ሲባል መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሚዜዎቹ ከጭቃው ውስጥ «አባባ! አባባ!» ይላሉ። ሽማግሌው ዞረው፣ ዓይነ ርግቡ እየተርገበገበ፣ «ምን ትላላችሁ! ሽማግሌ ላኩ!» አሉ።

ሕዝቅኤል ሳቀ። ተንበርክኮ፣ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቶ ሳቀ። ሰባት ጊዜ ሚዜ ሆኖ የዋጠው ሳቅ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። ዜማም አነሳችው።

በትንሿ የካሜራ መስኮት ስታሳየው መልኩን አልለየውም። አንድ ደስ የሚል ሰው ነበር። ዓይኑ ጥግ ሽንሽን ብሏል፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ጥርሱም፣ ያ ቡናማ ጥርስ፣ ወለል ብሎ ይታያል።

«ይህ ነው መጀመሪያ የሚገባው» አለች ዜማ።

«ጥርሱን አንጪልኝና ይግባ።»

«አላነጣም። የኔ ደንብ አንድ ነው፤ በሳምንት የሚጠፋ ነገር ካለብህ አጠፋልሃለሁ። ብጉር፣ የምላጭ ቁስል፣ ያልተኛህበት ዓይን። ካንተ ጋር ቀጠሮ ቦታ ድረስ የሚመጣውን ነገር ግን አልነካም። ጥላውን አነሳለሁ፣ ብርሃኑን አሞቃለሁ፤ ጥርስህ ያንተ ነው። ይህን ፎቶ አይታ የምትጽፍልህ ሴት የምታገኘውን ታውቃለች። የማትወደውም ታልፋለች፤ እሷም ደግ አደረገች፤ እዚያው ስልኳ ላይ አለፈችህ እንጂ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዓይኗን አላወረደችብህም።»

ሕዝቅኤል አመነ። ወይም ያመነ መሰለው። አራት ፎቶ አስገባ፤ የሳቀውን መጀመሪያ።

ዘጠኝ ቀን ማንም አልጻፈም። በአሥረኛው ቀን ሰብለ ወንጌል ጻፈች።

በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ። ሦስት ፎቶ ነበራት፤ ሐይቁ ዳር የድንጋይ አጥር ላይ አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ፤ በመጻሕፍት መደርደሪያ መካከል፤ ከእናቷ ጋር። በሦስቱም አፏ ዝግ ነው። ሕዝቅኤል «ጨዋ ናት» አለ። የሱን ዝግ አፍ ሰዎች «ኩራተኛ» ብለው ሲተረጉሙት ስንት ዓመት እንደተናደደ በዚያች ቅጽበት ትዝ አላለውም።

«በሳቅህ ቀናሁ» ነበር የመጀመሪያ መልእክቷ። «ምን አይተህ ነው?»

የሽማግሌውን ታሪክ ጻፈላት። እሷም ሌላ ጻፈች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። ከሥራ ሲወጣ እሷ ትጽፋለች፤ እሱ እራቱን ሲበላ ስልኩን ከብርጭቆው ጋር ያቆመዋል፤ አንድ ወንበር ያለበት ቤት ሁለት ሰው የሚበላበት መሰለ። አንድ ቀን እትዬ ሸዋዬ አንኳኩ፤ ከፈተላቸው።

«ምነው እትዬ?»

«ድምፅ ሰማሁ። ስትስቅ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ተመለሱ።

አንድ ነገር ብቻ ነበረ። በሁለተኛው ሳምንት ሰብለ ወንጌል እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦ «ያደግከው የት ነው?» ሕዝቅኤል ደነገጠ። ይህንን ጥያቄ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ በዚሁ ይጀምርና «ትቅማለህ እንዴ» ላይ ይጨርሰዋል፤ ጥርሱን አይታ ልትመረምረው ነው። «አዲስ አበባ» ብሎ ጻፈ። እሷም «እሺ» ብቻ አለች፤ ወሬዋም ወደ ሌላ ሄደ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በፎቶዋ ላይ ባለው የድንጋይ አጥር አጠገብ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ።

ዓርብ ዕለት ሕዝቅኤልን ላቦራቶሪው ውስጥ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ዳኘው አገኘው። ፍርሃቱን ነገረው። ስልክ ላይ ያለ ጥርስ ሌላ ነው፤ ትንሽ ነው፤ ዝም ያለ ነው። እሑድ ግን ፊት ለፊት ይናገራል፣ ይበላል።

«ወንድም ዓለም፣ ታዲያ ማን አሳይ አለህ?» አለ ዳኘው። «እስቲ ወዲህ በለው።» ስልኩን ተቀበለ። የሳቀውን ፎቶ ወደ አንድ ማሳመሪያ አስገባ፤ ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አደረገ። ጥርሱ የሻይ ስኒ መሰለ። የዓይኑ ጥግ ሽንሽን ራሱን ችሎ ጠፋ፤ ያልጠየቁት ደግነት። «አየኸው? እሑድ አፍህን ቆጠብ ታደርጋለህ። በፊት ያየሽው የዋርካው ጥላ ነበር ትላታለህ።»

«ታምነኛለች?»

«ሰው ያየውን መጨረሻ ነው የሚያስታውሰው። ቀይረው።»

ሕዝቅኤል የዜማን ደንብ አስታወሰ። ካንተ ጋር ቀጠሮ ቦታ ድረስ የሚመጣውን። ግን ደንብ ለደፋር ነው፤ ፈሪ የሚፈልገው ጊዜ ነው፤ ነጭ ጥርስ ደግሞ ቢያንስ እስከ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ ይሰጣል። ቀየረው። የመጀመሪያውን ሰርዞ ነጩን አስገባ።

ቅዳሜ ከቀትር በፊት ተረኛ ነበር። ለፍሎራይድ ምርመራ ቀዩን ቀለም ናሙናው ላይ እያንጠባጠበ ነበር፤ ፍሎራይድ ሲበዛ ቀዩ ይደበዝዛል፤ በመደብዘዙ ነው የሚለካው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። መስታወቱ ላይ የመልእክቱ መጀመሪያ ብቅ አለ፦

«ሰብለ ወንጌል፦ ፎቶህን ቀየርከው። የጻፍኩልህ እኮ ጥርስህን አይቼ ነበር። እኔም የአዋሽ ልጅ ነኝ፤ የኔም ጥርስ እንዳንተ ነው። አንተ ካፈርክበት እኔን እንዴት…»

እዚህ ላይ ተቆርጧል። ጓንቱን በጥርሱ ነክሶ አወለቀና መልእክቱን ነካው። አፑ ተከፈተ። መልእክቱ ግን የለም። ስሟ የለም፣ አረንጓዴው ሻርፕ የለም፣ ሦስት ሳምንት የጻፉት የለም። አንዱ ሌላውን ሲያሰናብት ይህ አፕ ሁሉንም ከሁለቱም ስልክ አንሥቶ ይጠርጋል፤ እንደ ጥሩ የቤት ሠራተኛ። የቀረው ባዶ ገጽ ነው፤ ከሥሩም «አዲስ ሰው ይፈልጉ!» የሚል ጽሑፍ።

ስልኳን ተቀብሎ አያውቅም። የአባቷን ስም አያውቅም። ኮሌጁ የትኛው እንደሆነ፣ በከተማው ከሞሉት ኮሌጆች መካከል፣ አልጠየቀም፤ ሰላይ እንዳትለው ብሎ። ወዲያው ነጩን ፎቶ ሰርዞ የመጀመሪያውን መለሰ። ለማን እንደመለሰው እሱም አያውቅም፤ እሷ ዘንድ ከእንግዲህ አይታይም።

እሑድ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ የድንጋዩ አጥር ላይ ተቀመጠ። አላፊ አግዳሚውን በዓይኑ ሲከተል ዋለ፤ ፊት ሳይሆን አፍ። አፏን የዘጋች ሴት ባለፈች ቁጥር ከአጥሩ ብድግ ይላል። እንዲህ ሲያይ ነው ለካ የገባው፤ ባሕር ዳር አፉን ዘግቶ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ማን ጨዋ፣ ማን ኩሩ፣ ማን እንደሱ እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። እስኪመሽ ቆየ። በሚቀጥለውም እሑድ ሄደ። በሚቀጥለውም። ሁለት ኮሌጅ ሄዶ ቤተ መጻሕፍት አጠያየቀ፤ በአንደኛው ዘበኛው አፉን አይቶ፣ «ወንድሜ፣ እዚህ መቃም ክልክል ነው» አለው።

በዚህ መካከል ዳኘው አገባ። በዚያው በላንድክሩዘሩ ፎቶ ጽጌ የምትባል ልጅ አግኝቶ። ስለ መኪናው በሁለተኛው ቀጠሮ ስታውቅ ስቃ አለፈችው፤ «መኪናውን ሳይሆን ወገብህን ነበር ያየሁት፤ ምን እንደሸፈነ ገርሞኝ» አለችው። ጥርሱን ነጭ ያደረገው ሰው ቀጠሮ አጣ፤ የሰው መኪና የተደገፈው ተሞሸረ። ሕዝቅኤል ስምንተኛ ጊዜ ሚዜ ሆነ።

የሠርጉ ዕለት ዜማ ሐይቁ ዳር፣ እዚያው ዋርካ ሥር፣ ሚዜዎቹን ደረደረች። ሕዝቅኤል ፎቶ ከመነሳታቸው በፊት ወደ ጎን ጠራት።

«የሠርግ ፎቶ የስቱዲዮሽ ገጽ ላይ ታወጫለሽ አይደል? ስንት ሰው ያየዋል?»

«ከተማው ሁሉ። ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?»

«ዛሬ እስቃለሁ። እንዳለ አውጪው። እንድታየኝ የምፈልጋት ሰው አለች።»

ዜማ አየችው። ሌንሷን ጠረገች። «እሺ» አለች፤ «ሙሽሮቹ ይሁን ካሉ። ፎቶው የነሱ ነው።»

«ሚዜዎች! ሳቁ!» ስትል ሕዝቅኤል አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ለካሜራ ሲል የሳቀው የመጀመሪያ ሳቅ ነበር፤ እንደ ሽማግሌው ቀን ሳቅ ያለ አልነበረም፤ ጉንጩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን ጥርሱ ነበረ። ሁሉም። አዋሽ ዳር ያደገ ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

ፎቶው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወጣ። ሕዝቅኤል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከፈተው። ሙሽሮች መሃል፣ ሚዜዎች ግራና ቀኝ። አምስት ሚዜ፣ አምስት ሳቅ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ጥርስ፤ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ሰድር ይመስላል። የሱም ነጭ ነው።

ለዜማ ደወለ። እሷ ቀድማ ተናገረች። «አውቃለሁ። ዳኘው ነው ያዘዘኝ። ‹የሚዜዬን ጥርስ አስተካክይልኝ፣ ከሠርጌ የምሰጠው ስጦታ ነው› አለኝ። ተከራከርሁ። ፎቶው የሱ ነው። ካላደረግሽው ሌላ ጋ እወስደዋለሁ አለ። የአንተ ብቻ ሲነጣ ደግሞ የሌሎቹ ቢጫ ሆነ፤ ሁሉንም አነጣሁት። ይቅርታ፤ ደንቤን ሻርሁ።»

ዳኘው ጋ ሲደውል ከጫጉላው ወንዛዬ ፍል ውሃ ውስጥ ሆኖ መለሰ፤ ውሃው ሲንቦጫረቅ ይሰማል። «አየኸው ሕዝቄ? አየኸው እንዴት አማረብህ? ለአንተ ብዬ ነው እኮ ወንድሜ! አስተያየቱን አንብበው!»

አነበበው። «ከቀኝ ሁለተኛው ሚዜ ማን ነው?» ይላል አንዱ። «አግብቷል?» ይላል ሌላው። «ምን ዓይነት ጥርስ ነው በማርያም!» ይላል ሦስተኛው። ስማቸውን እየገፋ እስከ ታች ወረደ። ሰብለ ወንጌል የሚል አልነበረም። ብታየውም ያየችው ሌላ ሰው ነው፤ ደግሞም ሁለት ጊዜ ያፈረ ሰው።

ስልኩን አጠፋ። ቤቱ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

ሕዝቅኤል ወዲያው አልተነሣም።

«ልጄ?» አሉ እትዬ ሸዋዬ ከውጭ። ደግመው አንኳኩ። «ልጄ፣ አለህ?»

«አለሁ» አለ፤ በዝግ አፉ፤ እንዳይሰሙት ሆኖ።